«78 በመቶ ረክቷል» የምትለው ወረቀት እንዴት ትሠራለች?

ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ዐይኑን የሚጥለው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። የዜጎች ቻርተር አለ፣ የጥቆማ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከእነሱ መሐል ደግሞ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ትኖራለች። «በተካሄደው የነዋሪዎች የአገልግሎት እርካታ ዳሰሳ 78 በመቶ የሚሆኑት መርካታቸው ተረጋግጧል» ትላለች። አንብቦ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀልድ ይመስላል እንጂ፣ ወረቀቷን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ እኔ ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ስለሆኑ የየትኛውም ወረዳ አይደሉም፤ አሠራሩ ግን የተለመደው ነው። ወሩ ነሐሴ ነው። ሁለት ወጣቶች መጠይቅ ይዘው የጽሕፈት ቤቱ መውጫ በር ላይ አምስት የሥራ ቀን ይቆማሉ፤ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30። ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣውን ሁሉ ያስቆማሉ። 520 ሰው ይጠይቃሉ፤ 120ው «ቸኩያለሁ» ብሎ ያልፋል፣ 400ው ይመልሳል። ከ400ው 96ቱ «በጣም ረክቻለሁ»፣ 216ቱ «በመጠኑ ረክቻለሁ»፣ 88ቱ «አልረካሁም» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደመሩ 312 ይሆናሉ፤ 312 ለ400 ሲካፈል 78 በመቶ። ቁጥሯ የተወለደችው እንዲህ ነው።

ሒሳቡ ላይ ስህተት የለም። ሆኖም ድምሩ ራሱ አንድ ነገር ደብቋል። «በመጠኑ» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ጉዳዬ አልቋል፣ ግን ሦስቴ ተመላልሻለሁ» ማለቱ ነው። በጣም የረካው 24 በመቶ፣ በመጠኑ የረካው 54 በመቶ መሆኑ ለየብቻ ቢጻፍ፣ አንባቢው የሚያየው ሥዕል ሌላ ነው። ስለዚህ ማጠቃለያ የሚጽፍ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው የተደመረውን መፍታት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የናሙና ስህተት ነው። «ወረዳው ስንት ሺህ ሰው እያለው 400 ሰው ምን ይነግረናል?» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። 400 ሰው በደህና ዕጣ ከተመረጠ ግን ብዙ ይነግራል። ወረዳው 20 ሺህ ነዋሪ ይኑረው 60 ሺህ፣ የስህተቱ ወሰን ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ወሰኑን የሚያጠብበው የተጠየቀው ሰው ብዛት እንጂ የሕዝቡ ብዛት አይደለም። ለ400 ሰውና ለ78 በመቶ ወሰኑ ወደ ላይም ወደ ታችም 4 ነጥብ ያህል ነው። ይህም ማለት ከ74 እስከ 82 በመቶ። ዳሰሳው በዚያው መንገድ መቶ ጊዜ ቢደገም፣ እንዲህ ያለው ወሰን 95 ያህሉን ጊዜ እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋል።

ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ ይቆማል። «የስህተት ወሰኑ ± 4 ነው» ብሎ ይጽፍና ጥንቃቄውን የጨረሰ ይመስለዋል። እኔ ግን ከጥርጣሬዎቹ ሁሉ ትንሿ ይቺ ናት ባይ ነኝ። ወሰኑ የሚያውቀው ዕጣ የሚያመጣውን መወዛወዝ ብቻ ነው፤ ማን እንደቀረ አያውቅም።

የቀሩትን እንቁጠር። ቸኩለው ያለፉት 120 ሰዎች ምን ይሉ ነበር? አናውቅም፤ ዳር ድንበሩን ግን ማስላት ይቻላል። ሁሉም ያልረኩ ቢሆኑ ከ520ው የረኩት ያው 312 ናቸው፤ 60 በመቶ ማለት ነው። ሁሉም የረኩ ቢሆኑ 432 ይሆናሉ፤ 83 በመቶ። እውነቱ ከሁለቱ መሐል የሆነ ቦታ ነው። ከ60 እስከ 83 ያለው ስፋት ከ74 እስከ 82 ካለው ጋር ሲተያይ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ግን ጠባቡ ነው። የማይመልሱ ሰዎች ከሚመልሱት ሊለዩ እንደሚችሉ ዓለም በ1936 እ.ኤ.አ. አይቶታል። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የምርጫ መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጠይቁ የተላከላቸውም፣ ከእነሱ መልሰው የላኩትም የመራጩን ሕዝብ አይመስሉም ነበርና ብዛታቸው አላዳናቸውም።

ከ120ዎቹም የባሰ የራቁ አሉ፤ በሩ ጋ ጭራሽ ያልደረሱት። «ሲስተም የለም» ተብሎ ጠዋት የተመለሰ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ አይወጣምና አይጠየቅም። እንጨት ከእንጦጦ አውርዳ የምትሸጥ ሴት በሥራ ሰዓት ወረዳ ደጅ አትገኝም። ሽሮ ሜዳ ያለው የጋሞ ሸማኔ ቢገኝም መጠይቁ በአማርኛ ብቻ ከሆነ፣ በአፍ መፍቻው የሚናገረውን ያህል አይናገርም። መሸኛ ከቀድሞ ወረዳው ማምጣት አቅቶት መታወቂያ ያላወጣው ተከራይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቅሬታ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ እሱ በበሩም በነዋሪ መዝገቡም የለም። ስለዚህ «ነዋሪዎች» የሚለው የወረቀቷ ቃል ትክክል አይደለም። የተጠየቁት በእነዚያ አምስት ቀናት ጉዳያቸው ያለቀላቸው ተገልጋዮች ናቸው።

ነዋሪን መጠየቅ የፈለገ ቤት ለቤት መሄድ አለበት። በምን ዝርዝር ይመራል? ያለፈው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር ፈርሶ ስንት ተሠርቷል። የተሻለው ዘዴ የወረዳውን ብሎኮች ዘርዝሮ 20 ያህሉን በዕጣ ማውጣት፣ ከዚያ በየብሎኩ እየተራመዱ እያንዳንዱን አምስተኛ በር ማንኳኳት፣ በአንድ ግቢ ያሉትን ተከራዮችም ለየብቻ መቁጠር ነው። ይህም ዋጋ አለው። ጎረቤታሞች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉና ከ20 ብሎክ የተሰበሰበ 400 መልስ፣ ከመላው ወረዳ በዕጣ ከተበተነ 400 ያነሰ ይናገራል፤ ወሰኑ ከ4 ይሰፋል። ሰፋ ብሎ ትክክለኛውን ሕዝብ የሚነካ ወሰን ግን፣ ጠብቦ ሌላ ሕዝብ ላይ ከሚያርፍ ይሻላል።

ስለ ጠያቂው ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። ወጣቶቹ የጽሕፈት ቤቱን ባጅ አንጠልጥለዋል። የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ለትምህርት ቤት ምዝገባ አውጥታ፣ ለሌላው ልጇ ደግሞ ማክሰኞ የምትመለስ እናት ስትወጣ «እንዴት ነበር እናቴ፣ ረክተዋል?» ብትባል ምን ትመልሳለች? «ይመስገን፣ ደህና ነው ልጄ»። ማክሰኞ እዚያው መስኮት ትቆማለችና። ምግባራችንም ቢሆን ፊት ለፊት ክፉ መናገርን አይወድም። ስሜት ከመጠየቅ ድርጊት መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ «ለዚህ ጉዳይ ሲመጡ ይህ ስንተኛዎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይሉኝታ አያስይዝም፣ መልሱም ቁጥር ነው።

አሁን ወደ መስኮቶቹ እንግባ፤ ለሥራ የሚጠቅመው ነገር ያለው እዚህ ነው። ከ400ው 280ው የልደትና የነዋሪነት ጉዳይ የነበራቸው ናቸው፤ 238ቱ ረክተዋል፣ 85 በመቶ። 95ቱ ንግድ ፈቃድ ያሳድሱ ነበር፤ 59ኙ ረክተዋል፣ 62 በመቶ። 25ቱ የቀበሌ ቤት ጉዳይ ይዘው ቤቶች አስተዳደር የገቡ ናቸው፤ 15ቱ ረክተዋል፣ 60 በመቶ። የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ «ቤቶች አስተዳደር ከሁሉም ያንሳል» ማለት ያጓጓል፤ ግን 25 ሰው ላይ ወሰኑ 19 ነጥብ ያህል ስለሆነ ቁጥሩ ከ41 እስከ 79 ሊዋልል ይችላል። እንዲህ ሲያንስ በመቶኛ መጻፍ ራሱ ያሳስታል፤ «ከ25 ሰዎች 15ቱ» ብሎ መተው ይበቃል። ንግድና ነዋሪነት ግን ልዩነታቸው 23 ነጥብ ነው፤ የልዩነቱ የራሱ ወሰን 11 ያህል። ጠያቂዎቹ አንድ፣ ቀኖቹ አንድ፣ በሩ አንድ ስለሆነ፣ ይሉኝታውም ሁለቱን ወገን በእኩል ይነካል ብሎ መገመት ይቻላል። ይህ ግኝት በአብዛኛው ጸንቶ ይቆማል።

ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደር ሲመጣ ኃላፊው መቸኮሉ አይቀርም። «አምና 71 ነበር፣ ዘንድሮ 78፤ በ7 አድገናል በል» ይላል። አምናም 400 ሰው ተጠይቆ ከሆነ የልዩነቱ ወሰን 6 ነው፤ 7 በጠባቡ ያልፋል። ነገር ግን አምና የተጠየቀው በስልክ፣ በጥር ቢሆንስ? ነሐሴ የትምህርት ቤት ምዝገባ ወቅት ነው፤ የንግድ ፈቃድ እድሳትም ከሐምሌ ጀምሮ ይሟሟቃል። መንገዱም ወሩም የተለየ ከሆነ 7ቷ ነጥብ ከየት እንደመጣች መለየት አይቻልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አለማስቀመጥ ነው፤ ከታች ማብራሪያ ቢጻፍም ሰው የሚያየው ሰንጠረዡን ነው።

እንግዲህ ባለሙያው ቁጭ ብሎ ሲጽፈው ማጠቃለያው ይህን ይመስላል፦

«በነሐሴ ወር በአምስት የሥራ ቀናት ከጽሕፈት ቤታችን ሲወጡ የነበሩ 520 ተገልጋዮችን ጠይቀን 400ው መልሰዋል። ከመለሱት 24 በመቶ በጣም፣ 54 በመቶ በመጠኑ ረክተናል፣ 22 በመቶ አልረካንም ብለዋል። ያልመለሱት 120 ሰዎች አስተያየት ስለማይታወቅ የረኩት ድርሻ ከ60 እስከ 83 በመቶ ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጉዳያቸው ሳያልቅ የተመለሱና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ያልመጡ ነዋሪዎች አልተጠየቁም። ጠያቂዎቹ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በመሆናቸው መልሶቹ ከእውነቱ ወደ በጎ ያዘነበሉ ሊሆኑ ይችላሉ። በንግድ ፈቃድ መስኮት የረኩት (62 በመቶ) ከነዋሪነት መስኮት (85 በመቶ) በግልጽ ያንሳሉ። ቤቶች አስተዳደርን በተመለከተ ከ25 ሰዎች 15ቱ ረክተዋል፤ በዚህ ቁጥር ድምዳሜ አልሰጠንም። በአሠራሩ ልዩነት ምክንያት ከአምናው ጋር አላነጻጸርንም።»

ጥንቃቄዎቹ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል አልተከመሩም፤ እያንዳንዱ ከሚመለከተው ቁጥር አጠገብ ተቀምጧል። ኃላፊው «ይህን ብለጥፍ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ ክፍለ ከተማው የሚጠብቀው አንድ ክብ ቁጥር ነው። ይሁንና ከዚህ ገጽ የሚያገኘው ነገር አለ። 78 በመቶ የቱ መስኮት ላይ ሰው መጨመር እንዳለበት አይነግረውም፤ የንግዱ መስኮት 62 በመቶ ግን እድሳቱ ገና ወራት ሲቀሩት ሁለተኛ ሠራተኛ ለመመደብ ይበቃዋል። የሚቀጥለውን ዳሰሳ ደግሞ ባጅ የሌላቸው ሰዎች በዚያው በነሐሴ፣ «ስንተኛዎ ነው?» እያሉ ቢያካሂዱት፣ የተመደበው ሰው ምን እንዳመጣ ያኔ ማየት ይቻላል።