የተቀዳ ስብከት፦ ከሪከርደሩ እስከ ፎልደሩ

በቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ለተረኛ ባልደረቦቹ የሚጽፈው የአሠራር ደብዳቤ ከሁለት ጉዳዮች ብዙም አይርቅም። አንደኛው የተቀዳው ስብከት ለስልክ እንዲመች እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሁለተኛው ፎልደሩ ምን ተብሎ እንደሚሰየም ነው። እሑድ የቀዳው ሰው ማክሰኞ ከሚያስተካክለው ሰው ጋር ላይገናኝ ስለሚችል፣ አንዱ ለሌላው መልእክት የሚተወው በፋይሉ ስም ነው።

ከሚክሰር ጋር የተገናኘ ሪከርደር ድምፁን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ዋቭ በሚባል ፋይል ነው። ዋቭ ከድምፁ ምንም ስለማይቀንስ ትልቅ ነው። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢትና በስቴሪዮ የተቀዳ የ45 ደቂቃ ስብከት ወደ 780 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ይህን በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ምእመን ብዙ አይገኝም። ያው ስብከት በሞኖ፣ በ64 ኪሎቢት ወደ ኤምፒ3 ሲለወጥ 22 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለመዝሙር ይህ መጠን ያንሳል፤ ለአንድ ሰው ንግግር ግን ይበቃል። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሥራውን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦

```
ffmpeg -i sibket.wav -ac 1 -b:a 64k sibket.mp3
```

እዚህ ውስጥ `-ac 1` ሁለቱን የድምፅ መስመሮች ደምሮ አንድ ያደርጋል። ተረኞችን ግራ የሚያጋባው ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ነው፦ ዋቩ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ድምፅ አለው፣ ኤምፒ3ው ግን ጭጭ ይላል ወይም ከሩቅ እንደሚሰማ ይቀጥናል። መንስኤው ኬብሉ ነው። ከሚክሰሩ የሚወጣው ባላንስድ መስመር ያንኑ ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፤ በአንደኛው እንዳለ፣ በሌላኛው ተገልብጦ። ይህ ኬብል የላፕቶፕ ወይም የሪከርደር ስቴሪዮ መግቢያ ላይ ከተሰካ ግራው ቀናውን፣ ቀኙ የተገለበጠውን ይይዛል። ሲደመሩ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ቀረጻው ግን አልጠፋም፤ የግራውን መስመር ብቻ መውሰድ ይበቃል፦

```
ffmpeg -i sibket.wav -af "pan=mono|c0=c0" -b:a 64k sibket.mp3
```

ለወደፊቱ ደግሞ ኬብሉን መቀየር ይሻላል። ሲቀዳ ከመጠን በላይ ጮኾ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በልወጣ አይድንም።

ወደ ስያሜው ሲመጣ ዋናው ፈተና የዘመን አቆጣጠር ነው። ምእመኑ ስብከቱን የሚጠይቀው «የጥር 18ቱ» ብሎ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋይሉ ላይ የፈረንጁን ቀን ያትማል። `2017-05-18` የሚል ፎልደር ብቻውን ከታየ ጥር ይሁን ሜይ አይለይም። ሁለቱንም ቀን አንድ ላይ መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል፤ የኢትዮጵያው ይቀድማል፣ የፈረንጁ ይከተላል፦

```
2017-05-18_2025-01-26_1
2017-13-02_2025-09-07_1
```

የመጀመሪያው እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሰበከ ነው፤ ሁለተኛው የጳጉሜን 2 ነው፣ 13ኛውም ወር ቦታውን አግኝቷል። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር በዕለቱ ስንተኛው ስብከት እንደሆነ ያሳያል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ከተጻፉና ነጠላ አኃዝ ፊት ዜሮ ካለ፣ ፎልደሮቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይቀመጣሉ። የሪከርደሩ ሰዓት ባትሪ ሲያልቅ ሊዛባ ስለሚችል ቀኑ ከፋይሉ ሳይሆን ከግድግዳ ካላንደር ይወሰዳል።

የሰባኪውንና የርእሱን ስም በፎልደሩ ላይ በአማርኛ መጻፍ ደስ ይላል፤ ፍለጋ ላይ ግን ያስቸግራል። አንዱ «ጸሎት»፣ ሌላው «ፀሎት» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አያያቸውም። አንዳንድ የመኪና ማጫወቻም የግእዝ ፊደልን በባዶ ሳጥን ይተካዋል። ስለዚህ በስሙ ላይ ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ ሰባኪው፣ ርእሱና የተነበበው ምዕራፍ እዚያው ፎልደር ውስጥ በምትቀመጥ አጭር የጽሑፍ ፋይል ላይ ይሰፍራሉ።

በፎልደሩ ውስጥ ዋቩና ኤምፒ3ው ለየብቻ ይቀመጣሉ። የሚቆረጥ ሳል ወይም የሚስተካከል መጀመሪያ ቢኖር ሥራው የሚሠራው በዋቩ ግልባጭ ላይ ነው፤ ኤምፒ3ን ቆርጦ እንደገና ኤምፒ3 ማድረግ ድምፁን በየጊዜው ያበላሸዋል። ረጅም አገልግሎት ሲሆን አንዳንድ ሪከርደሮች 2 ጊጋባይት ሲሞላ አዲስ ፋይል ይጀምራሉ፤ ስብከቱ መሐል ላይ ከተቆረጠ ቀጣዩ ፋይል ሳይገለበጥ እንዳይቀር ያስፈልጋል።

ካርዱ የሚጠረገው ዋቩ ኮምፒውተሩም ተጨማሪ ሃርድ ዲስኩም ላይ ከገባ በኋላ ነው። መጠኑን ማየት ብቻ አይበቃም፤ የሁለቱም ግልባጭ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ይደመጣል። ከዚያ ካርዱ በራሱ በሪከርደሩ ፎርማት ይደረጋል።