ሕመሙ አልፎ ድካሙ ሲቀር

ትኩሳቱ ወርዷል፤ የሳንባ ምች መድኃኒቱም አልቋል። ሆኖም ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ምግብ አይበላለትም፣ ደረጃ መውጣት ያደክመዋል፣ ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረ ጨዋታም አይጥመውም። ቤተሰቡ «ድነህ ሳለ ለምን ትተኛለህ?» ሲለው ደግሞ ኀዘኑ ይብሳል።

ነገሩ ስንፍና አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ከተሕዋስያን ጋር ሲዋጉ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። እነዚህም አንጎል ላይ ሠርተው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ስሜትንም ያደበዝዛሉ። ለረጅም ጊዜ መተኛት ደግሞ ጡንቻን ያሳሳል። ስለዚህ ከከባድ የሳንባ ምች በኋላ ድካሙ 3 ወር ሊቆይ፣ ሙሉ ማገገም ደግሞ እስከ 6 ወር ሊወስድ ይችላል።

ሆስፒታል ተኝተው የወጡ የ58 ዓመት እናትን ለአብነት እንውሰድ። በተሻላቸው ቀን ቤቱን ጠርገው፣ እንጀራ ጋግረው ይውላሉ፤ በማግሥቱና በሠልስቱ ግን ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው። በማግሥቱ የማይጥላቸውን መጠን፣ ለምሳሌ የ5 ደቂቃ እርምጃን፣ በተሻላቸውም በደከማቸውም ቀን እኩል ይሠራሉ። ሳምንቱ ያለ ችግር ካለፈ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጨምራሉ፤ ድካሙ ከባሰ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳሉ። እንጀራ መጋገሩን ለጊዜው ሌላ ሰው ይረከባቸዋል።

በምግብም ረገድ ሙሉ ትሪ ማቅረብ ፍላጎትን ይበልጥ ይዘጋል። በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይቀላል። አጥሚቱን በውኃ ፈንታ በወተት መሥራት፣ እንቁላል ማከል፣ ሽሮው ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጨመር ማድረግ ትንሹን ጉርሻ ያበለጽጋል። ሻይና ውኃ ሆድ ስለሚሞሉ ከምግብ በፊት ሳይሆን በኋላ ቢጠጡ ይመረጣል። የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ማገገሙን ለመከታተል በሳምንት አንድ ቀን መመዘን ይበቃል። እኒህ እናት ከሕመሙ በፊት 60 ኪሎ ከነበሩና አሁን 57 ደርሰው መቀነሱ ካልቆመ፣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሐኪሙ የደም ማነስን፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግርን ወይም ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒትን ይመረምራል። ኀዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ከዘለቀም የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ራሱን የቻለ ሕክምና ያሻዋል።

ትኩሳት ከተመለሰ ወይም አክታ ላይ ደም ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። የትንፋሽ ማጠር ከባሰ ወይም ደረት ላይ ውጋት ከተሰማ ደግሞ የአስቸኳይ ሕክምና ቁጥር ይደወል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበትን ሰውም ብቻውን መተው አይገባም፤ አሜሪካ የሚኖር በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይችላል፤ በሌላ አገር ያለ የዚያን አገር የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር ይጠቀም።