ፓስወርድ በሪሞት፦ ጣትን የሚያደክመው ርዝመቱ አይደለም

አዲስ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ የሚቀረው ሥራ ዋይፋይ ማስገባት ነው። በስልክ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጀው ይህ ሥራ በሪሞት ሲሆን ቤተሰቡን ሁሉ ያሰልፋል። አንዱ ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ያነባል፤ ሌላው በስልኩ መብራት ያበራለታል፤ ሪሞት የያዘው ደግሞ «ትልቁ ኤች ነው ትንሹ?» እያለ ይጠይቃል። ተጽፎ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ «ተሳስቷል» ይልና ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው የፓስወርዱን ርዝመት ነው። ነገር ግን ጊዜውን የሚበላው ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚኬደው መንገድ ነው። ይህን ለማየት ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ልብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ከብራንድ ብራንድ ቢለያይም በአብዛኛው እንዲህ የተደረደረ ነው፤ ቀስቷ «Shift» ናት፦

```
1 2 3 4 5 6 7 8 9 0
q w e r t y u i o p
a s d f g h j k l
⇧ z x c v b n m
```

በሪሞቱ አራት ቀስቶች አንድ እርምጃ በሄድን ቁጥር አንድ ጊዜ እንጫናለን፤ ፊደሉ ላይ ስንደርስ ደግሞ «OK»ን አንድ ጊዜ። አሁን ራውተሩ ላይ Hk7Tr2Wq የሚል ፓስወርድ ተለጥፏል እንበል። ስምንት ፊደል ብቻ ስለሆነ አጭር ይመስላል። መነሻችን q ላይ ከሆነ፣ ወደ «Shift» ለመውረድና ለመጫን ሦስት፣ ከዚያ H ላይ ለመድረስ ሰባት፣ ወደ k ሦስት፣ ወደ 7 አራት እያልን እንሄዳለን። ቀጥሎ የሚመጣው T ትልቅ ፊደል ነውና እንደገና እስከ ታችኛው ግራ ጥግ መመለስ ግድ ይሆናል። ይህች መመለስ ብቻዋን አሥር ጊዜ ታስጭናለች። እስከ መጨረሻው ሲቆጠር ድምሩ 51 ነው።

ያንኑ ፓስወርድ ሁሉንም በትንሽ ፊደል፣ hk7tr2wq ብለን ብንጽፈው ግን 28 ጊዜ ብቻ እንጫናለን። ሦስቱ ትልልቅ ፊደሎች ብቻቸውን 23 ተጨማሪ መጫን አስከፍለውናል ማለት ነው። እንደ $ እና @ ያሉ ምልክቶች ከዚህም ይብሳሉ፤ መጀመሪያ «?123» ወይም «!#1» የምትለዋን ቁልፍ ፈልጎ ወደ ሌላ ገጽ መሄድ፣ ምልክቱን ማግኘት፣ ከዚያም ተመልሶ መምጣት ያስፈልጋል።

መንገዱ ዋናው ወጪ መሆኑ ከታወቀ ማሳጠሪያውን መፈለግ ይቀላል። የመጀመሪያው በሪሞቱ ላይ ያሉት የቁጥር ቁልፎች ናቸው። ሪሞትዎ ከ0 እስከ 9 ካለው፣ በብዙ ቴሌቪዥኖች የፓስወርድ መጻፊያው ክፍት ሳለ ቁጥሩን ሲጫኑ በቀጥታ ይጻፋል፤ ጠቋሚው ከነበረበት ፊደል አይነቃነቅም። ከላይ ባለው ምሳሌ ይህ ብቻ 51ዱን ወደ 45 ያወርደዋል። ብዙ ቁጥር ባለበት ፓስወርድ ትርፉ ከዚህ በጣም ይበልጣል።

ሁለተኛው ጥጉን መዝለል ነው። በብዙ ኪቦርዶች ላይ ከግራው ጫፍ ወደ ግራ ቢጫኑ ጠቋሚው በቀኝ ጫፍ በኩል ብቅ ይላል፤ ከ1 ወደ 0 ለመሄድ ዘጠኝ ጊዜ በመጫን ፋንታ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሁሉም ቴሌቪዥን ይህን አይፈቅድም፤ ግን ለመሞከር አንዴ መጫን ብቻ ነው። ትልልቅ ፊደሎች ተከታትለው ከመጡ ደግሞ «Shift»ን ሁለቴ መጫን በብዙዎቹ ላይ ይቆልፈዋል፤ እስክትፈቱት ድረስ ሁሉም ፊደል ትልቅ ይሆናል።

ከመጀመርዎ በፊት «Show password» የሚለውን ማብራትዎን አይርሱ። ፓስወርዱ በነጥብ ተሸፍኖ ሲጻፍ ስሕተቱ የትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም ከሚጠፋ አንዷን ፊደል ብቻ ማረም የሚቻለው ሲታይ ነው። ሪሞት ሲዘገይ ደግሞ ሰው ደጋግሞ ይጫናል፤ ቴሌቪዥኑ ዘግይቶ ሁሉንም በአንዴ ይፈጽመውና አንድ ፊደል ሁለቴ ይጻፋል። እያነበበ የሚያጽፍ ሰው ካለ አራት አራት እየቆረጠ ቢያነብ ይሻላል፤ አራቱ ሲያልቁ ሁለቱም ስክሪኑን ያያሉ። መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የምትገባ ክፍት ቦታም አለች። ዐይን ስለማያያት ፓስወርዱ ትክክል መስሎ አልገባም ይላል።

የተለጠፈው ወረቀት ራሱም ያሳስታል። 0 ቁጥሯ ወይስ O ፊደሏ የሚለው ጥያቄ ያልገጠመው የለም። እዚህ ላይ የሚረዳ ፍንጭ አለ፦ ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሰጣቸው ፓስወርድ ቁጥሮችንና ከA እስከ F ያሉትን ፊደሎች ብቻ የያዘ ነው። በወረቀቱ ላይ ያሉት ሌሎቹ ፊደሎች ሁሉ ከF ካላለፉ፣ ያቺ ክብ ነገር ዜሮ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። በተመሳሳይ I የምትመስለው 1 መሆኗን መገመት ይቻላል።

ከዱባይ ወይም ከሌላ የባሕረ ሰላጤ አገር በመጣ ቴሌቪዥን ላይ ኪቦርዱ በዐረብኛ ተከፍቶ ሊያስደነግጥ ይችላል። የሉል ምልክት ያለባት ቁልፍ ወደ እንግሊዝኛ ትቀይረዋለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ሳይጻፍ የሚገባበት መንገድ መኖሩን ማየት ይገባል። ብዙ ራውተሮች ከኋላ ወይም ከጎን «WPS» የሚል ቁልፍ አላቸው። በቴሌቪዥኑ «Settings» ውስጥ «Network»፣ ከዚያም ገመድ አልባውን ከመረጡ በኋላ «WPS» የሚል አማራጭ ካለ እሱን ይምረጡ፤ ከዚያ ወደ ራውተሩ ሄደው ቁልፉን ይጫኑ። ሁለቱ እንዲገናኙ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። የራውተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ቁልፉ መሥራቱን ያውቃሉ። አንዳንድ ራውተር ላይ ቁልፉ ከ«Reset» ጋር አንድ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ መያዝ የከፋ መዘዝ አለው፤ ራውተሩ ሁሉንም ነገር ረስቶ እንደ አዲስ ይሆናል። አንዴ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው።

ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አይገኝም። አንድሮይድ ከ9ኛው ስሪት ጀምሮ «WPS»ን ስለተወው፣ በእሱ ላይ የተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖች ምርጫውን አያሳዩም። «WPA3» ብቻ የሚቀበል ዋይፋይም አያስገባውም። ቁልፍ የመጫኑ መንገድ ለቤት ደህና ነው፤ ችግር ያለበት ባለ 8 አሃዝ ፒን የሚጠቀመው ሌላው መንገድ ነው። በ2011 ፒኑ በቀላሉ እየተሞከረ ሊገኝ እንደሚችል ይፋ ሆኗል። ስለዚህ ቁልፉን ተጠቅመው ፒኑን ራውተሩ ላይ ያጥፉት።

«WPS» ከሌለ፣ እንግዳም ሲመጣ ፓስወርዱ ደጋግሞ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ መፍታት የሚቻለው ፓስወርዱን በመቀየር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሄዳል፤ በቀላሉ ለመጻፍ ብሎ ያሳጥረዋል። ዋይፋይ ከ8 እስከ 63 ፊደል ይቀበላል፤ ርዝመቱን ጨምሮ ትልልቁንና ምልክቱን መተው ግን የበለጠ ያዋጣል። fnwkersdjtub የሚለውን አሥራ ሁለት ፊደል እንውሰድ። ከላይ ባለው ኪቦርድ ላይ 57 ጊዜ ያስጭናል፤ ከስምንት ፊደሉ Hk7Tr2Wq በስድስት ብቻ ይበልጣል። ጥንካሬውስ? በዕጣ የተመረጡ 12 ትንንሽ ፊደሎች ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ፣ ትልቅ፣ ትንሽና ቁጥር የተቀላቀሉባቸው 8 ፊደሎች ካላቸው ከ400 እጥፍ በላይ ነው። ስድስት ጊዜ በመጫን የሚገኝ 400 እጥፍ ርካሽ ነው፤ ያውም ትልቅና ትንሽ ፊደል በማሳሳት የሚመጣው ስሕተት ሳይኖር። መስፈርቱ ግን በዕጣ መመረጡ ነው። ለጣት እንዲመች ተብሎ qwertyuiop ብሎ መደርደር ሰብሳቢዎቹ መጀመሪያ የሚሞክሩት ነው፤ ይህ ጽሑፍ ላይ የታተመውንም መውሰድ አይገባም።

የራውተሩን ፓስወርድ መቀየር በቤት ያሉትን ስልኮችና ላፕቶፖች በሙሉ ያስወጣል፤ እያንዳንዱን እንደገና ማስገባት ይጠይቃል። ይህ ከባድ ከሆነ ራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ የሚከፍት ከሆነ ለቴሌቪዥኑ እሱን መስጠት ይቻላል፤ ስሙም ፓስወርዱም ሌላ ይሆናል። ጉዳቱ አንድ ነው፦ የእንግዳው መስመር በአብዛኛው ከዋናው የተለየ ስለሚሆን፣ ስልክ ላይ ያለውን ቪዲዮ ወደ ቴሌቪዥኑ መወርወር አይሠራም።

አንዳንዴ ደግሞ የሚፈለገው ስም ዝርዝሩ ውስጥ አይኖርም። ራውተሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ያሰራጫሉ፤ አንዱ በ2.4፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ። ርካሽ ቴሌቪዥኖች 2.4ን ብቻ የሚያዩ ስለሆኑ በስሙ መጨረሻ 5G የተጻፈበትን ፈልገው ቢያጡት አያስደንቅም። ያለ 5G የተጻፈውን ይምረጡ። ሁለቱም ከታዩ ምርጫው በግድግዳው ብዛት ይወሰናል፤ 2.4 ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፣ 5 ግን ቅርብ ሲሆን ይፈጥናል።

ገብቶም ምንም ካልተከፈተ የ«Network Status» ገጽ ላይ ቴሌቪዥን፣ ራውተርና ኢንተርኔት በመስመር ተያይዘው ይታያሉ። መስመሩ ከቴሌቪዥን ወደ ራውተር ከተቆረጠ ፓስወርዱ ወይም ርቀቱ ነው። ከራውተር ወዲያ ከተቆረጠ ግን ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ መልሶ መጻፍ ድካም ብቻ ነው፤ ፓኬጁ ማለቁን ወይም መስመሩ መቋረጡን ያጣሩ። ሁሉም ደህና ሆኖ ዩቲዩብ ብቻ አልከፈት ካለ፣ የቴሌቪዥኑን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ። ዓመቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ከተገኘ፣ ቴሌቪዥኑ የድረ ገጾቹን የደህንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ስለሚያየው አይቀበላቸውም፤ ቀኑን ማስተካከል ብቻ ያስነሳዋል።