ሒሳብ ቀንሶ ብር ያልሰጠ ማሽን፤ አቤቱታው የሚጣራው በቆጠራ ነው

ኤቲኤም ሒሳብ ቀንሶ ብር ሳይሰጥ ሲቀር ደንበኛው ገንዘቤ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ይሁን እንጂ ብሩ ከማሽኑ ካልወጣ እዚያው ውስጥ ትርፍ ሆኖ ተቀምጧል። የሚቀረው ሥራ ትርፉ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከሥራው ቅደም ተከተል ነው። ማሽኑ ኖቶቹን ከመቁጠሩ በፊት ካርዱን የሰጠውን ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። ባንኩም በዚያው ቅጽበት ሒሳቡን ቀንሶ ፈቃዱን ይልካል። ኖቶች ተጣብቀው ቢሰናከሉ ማሽኑ ክፍያው እንዳልተፈጸመ መልሶ ያሳውቃል፤ የተቀነሰውም በራሱ ይመለሳል። መልእክቱ ሳይደርስ መስመር ወይም መብራት ከተቋረጠ ግን ሒሳቡ እንደተቀነሰ ይቀራል።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ካርድ ያወጣ ደንበኛ ጋምቤላ ከተማ በሚገኝ የሌላ ባንክ ማሽን 4,000 ብር ጠይቆ ባዶ እጁን ተመለሰ እንበል። የሁለቱን ባንኮች ማሽንና ካርድ የሚያገናኘው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኢትስዊች ነው። ክፍያው እንደተፈጸመ ስለተመዘገበ 4,000 ብሩ ለማሽኑ ባለቤት ባንክ ይወራረዳል። ስለዚህ ደንበኛው የሚያመለክተው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ቢሆንም፣ ማስረጃው የሚገኘው ጋምቤላ ነው።

የጋምቤላው ቅርንጫፍ በቅድሚያ የማሽኑን መዝገብ ያያል። መዝገቡ ሰዓቱን፣ የግብይቱን ቁጥርና ስንት ኖት እንደወጣ ያሳያል። ቀጥሎ ቆጠራ ይደረጋል። ማሽኑ ሲሞላ 2,000 ባለ 200 ብር ኖቶች፣ ማለትም 400,000 ብር ገብቶለት ነበር እንበል። በመዝገቡ የተከፈለው 380,000 ብር ከሆነ 20,000 ብር መቅረት ነበረበት። በካሴቱና የተሰናከሉ ኖቶች በሚወድቁበት ሣጥን 24,000 ብር ከተገኘ ትርፉ 4,000 ብር ነው። ከመዝገቡ ጋር ከተስማማ የማሽኑ ባለቤት ባንክ ገንዘቡን ይመልሳል፤ የደንበኛው ባንክም ወደ ሒሳቡ ያስገባለታል።

ቆጠራው ሁልጊዜ አያስማማም። በአንድ ሙሌት ውስጥ አንዱ ደንበኛ ቢጎድልበትና ሌላው ቢተርፈው ድምሩ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ኖቶቹ ዘግይተው ወጥተው ሌላ ሰው ወስዷቸው ከሆነም ትርፍ አይገኝም፤ ያኔ የሚታየው ካሜራ ካለ የካሜራው ምስል ነው። ከ4,000 ብሩ 3,000 ብቻ ወጥቶ ከሆነ የሚጠየቀው 1,000 ብር ነው።

ደንበኛውን የሚጠቅመው ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ገጽ እስኪመለስ ድረስ ቦታውን አለመልቀቅ፣ ከዚያም ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና የገንዘቡን መጠን መጻፍ ነው። ደረሰኝ ከወጣ መያዝ ይገባል። ሒሳቡን ሳያይ በዚያው ማሽን ደግሞ ቢሞክር ግን ሁለተኛ ሊቀነስበት ይችላል። ማመልከቻው ቶሎ ሲገባ ተፈላጊው ሙሌት ከነመዝገቡ በቀላሉ ይለያል፤ ሲዘገይ ትርፉ ከሌሎች ልዩነቶች ጋር ይደባለቃል።