ጥቁሩ ሰገራ፤ የብረት እንክብል በአንጀት ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ



የዛሬውን ንግግሬን ከብዙ ዓመታት በፊት በሰጠሁት አንድ የተሳሳተ መልስ እጀምራለሁ። ወጣት የጤና መኮንን ሳለሁ በዳባት አካባቢ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ካለ ቀበሌ በእግሯ ተጉዛ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ይኼ ጥቁር ሆኖ የሚወርደው ደሜ ተቃጥሎ ነው ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አይደለም፤ ኪኒኑን ዋጪ» አልኋት። በሚቀጥለው ክትትል ስትመጣ የሰጠናት እንክብል ከነማሸጊያው በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ አንዱንም አልነካችውም። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ነበር። ጥቁር ሰገራ የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሐኪም ሁሉ ያውቃል። የእኔ ስሕተት «ምንም አይደለም» ማለቴ ነው፤ ምክንያቱም የሚታየው ጥቁረት በእርግጥ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ምን እንደ ሆነ ነው።

በአገራችን ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው እንክብል ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይዟል። አንድ ጤነኛ ሰው ከምግቡ በቀን ወደ ደሙ የሚያስገባው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ መጠን ለአንጀት እንግዳ መሆኑን እንረዳለን። ብረት በዋናነት ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል፣ በዱኦዲነም በኩል ነው። በዚያ ያሉት ሴሎች ብረቱን ይቀበሉና ፌሮፖርቲን በሚባል በር በኩል ወደ ደም ያሳልፉታል። በሩን የሚዘጋው ከጉበት የሚመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው። በረኛው ጥብቅ ነው፤ ምክንያቱም ሰውነታችን አንዴ የገባበትን ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት ሥርዓት የለውም።

እንግዲህ ብረት ካነሳት አንዲት ሴት ከአንድ እንክብል 15 በመቶ ያህሉ ወደ ደሟ ገባ ብለን እናስላ። ይህ 9 ሚሊ ግራም ነው። ቀሪው 51 ሚሊ ግራም ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። የዛሬው ርዕሳችን በሙሉ ማለት ይቻላል የዚህ የ51 ሚሊ ግራም ታሪክ ነው።

በትልቁ አንጀት ውስጥ ኦክስጅን የለም ለማለት ይቻላል፤ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያመነጫሉ። ብረትና ይህ ጋዝ ሲገናኙ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ይፈጠራል። በፋሲካ ማግስት ከመጠን በላይ የተቀቀለ እንቁላል ስትሰነጥቁ በአስኳሉ ዙሪያ የምታዩት አረንጓዴ ግራጫ ቀለበት ይኸው ነው፤ የቆመ ኩሬ ሥር የሚገኘው ጥቁር ጭቃም የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያቺ ሴት ያየችው የተቃጠለ ደም አልነበረም፤ ከውስጧ የወጣም አልነበረም። ውጣው፣ ሰውነቷ ያልተቀበለው ብረት ነው። እንዲያውም ጥቁረቱ እንክብሉ መዋጡን ይመሰክራል፤ ልምድ ያላቸው አዋላጆች «ሰገራሽ ጠቁሯል ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ብረቱ ወደ ደም መግባቱን ግን አይመሰክርም።

የሆድ ሕመሙ ከሁለት ቦታ ይመጣል። የመጀመሪያው ጨጓራና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው። በፌረስ ሰልፌት እንክብል ውስጥ ያለው ብረት በፍጥነት ይሟሟል፤ የተሟሟው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተጋጭቶ የጨጓራን ስስ ሽፋን የሚጎዱ ቅንጣቶችን ይፈጥራል። ማቅለሽለሹና ቃር የመሰለው ማቃጠል ብዙ ጊዜ በባዶ ሆድ ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ቦታ ትልቁ አንጀት ነው። የተረፈው ብረት የባክቴሪያዎቹን ሚዛን ይለውጣል። ስለ ድርቀቱ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ሚቴን የሚያመነጩት ተሕዋስያን መበርከታቸውን የሚመለከተው ነው፤ ሚቴን የአንጀትን እንቅስቃሴ እንደሚያዘገይ ይታወቃልና። ሰገራው በዘገየ ቁጥር ውኃው ይመጠጣል፤ ይደርቃል። በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን አስቀድሞ አንጀቷን አዘግይቶታል፤ ስለዚህ ብረቱ የሚደርሰው በደከመ አንጀት ላይ ነው። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን የተገላቢጦሽ ይሆንና ተቅማጥ ያስከትላል።

ጥፋተኛው በአንጀት ውስጥ የቀረው ብረት ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ አለን። ያው ብረት በደም ሥር ሲሰጥ ሰገራን አያጠቁርም፤ ድርቀትም እምብዛም አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የ43 ሙከራዎችን ውጤት አጠቃልሎ የታተመ ጥናትም ፌረስ ሰልፌት የሚወስዱ ሰዎች የሆድ ችግር የመግጠማቸው ዕድል ባዶ እንክብል ከሚወስዱት ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እናቶች «ሆዴን አመመኝ» ሲሉ ሰበብ እየፈለጉ አይደለም።

ወደ ዳባቷ ሴት ልመለስና ቀኗን ከእናንተ ጋር ልከተል። ማለዳ ተነሥታ «መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው» በሚለው ልማድ እንክብሉን በውኃ ትውጠዋለች፤ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ ያቅለሸልሻታል። ስትመለስ ቡናው ተፈልቷል፤ ከአቦል እስከ በረካ ትጠጣለች። ቡና ከምግብ የሚገኘውን ብረት መጠጣት 40 በመቶ ያህል እንደሚቀንስና ሻይ ደግሞ ከዚህ እንደሚብስ በሙከራ ተለክቷል፤ እንክብሉም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። በሌላ አነጋገር ቡናው ያገደው ብረት የ51 ሚሊ ግራሙን ጓዝ ያበዛዋል። በሁለትና በሦስት ቀን ሰገራዋ ይጠቁራል፤ በሳምንት ውስጥ ይደርቅባታል። ውኃው ሩቅ ነውና እምብዛም አትጠጣም። በአሥረኛው ቀን ታቆማለች።

ዛሬ ብትጠይቀኝ እንክብሉን ከራት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል እንድትውጠው እነግራት ነበር። ምግብ ወደ ደም የሚገባውን ብረት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ግማሹን የምትጠቀምበት እንክብል በነጠላ ጫፍ ከተቋጠረው ይሻላል። ምሽቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከቡናው ይርቃል፣ ማቅለሽለሹም በእንቅልፍ ያልፋል፣ በጾም ወራትም ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም። ለድርቀቱ ውኃና ተልባ ጥሩ ናቸው፤ ተልባው ግን በሌላ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ፋይቴት ብረትን ይይዛልና።

መጠኑን ወይም ድግግሞሹን ስለ መቀነስስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የዙሪክ ጥናት፣ ብረት ያነሳቸው ወጣት ሴቶች 60 ሚሊ ግራም በየቀኑ ሲወስዱ ወደ ደማቸው የገባው 16 በመቶ፣ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ ደግሞ 22 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ የተነጋገርንበት በረኛ ነው፤ የትናንቱ እንክብል ሄፕሲዲንን ከፍ አድርጎ የዛሬውን በር ያጠብባል። በሁለት ቀን ስናሰላው፣ በየቀኑ ለምትወስደው ከ120 ሚሊ ግራም 19 ያህሉ ገብቶ 101 ይተርፋል፤ ዘልላ ለምትወስደው ከ60 ሚሊ ግራም 13 ገብቶ 47 ይተርፋል። የሚገባው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ፣ የሚተርፈው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ሒሳቡ ያማልላል፤ ነገር ግን የተጠኑት ሴቶች ነፍሰ ጡሮች አልነበሩም፤ የ2015ቱም ጥናት በመጠኑና በሆድ ችግሩ መካከል ግልጽ ቀጥተኛ ግንኙነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕለታዊው ለማይስማማቸው ነፍሰ ጡሮች በሳምንት አንዴ 120 ሚሊ ግራም የሚፈቅደው የነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ ከ20 በመቶ በታች በሆነበት ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡሮች ዕለታዊው አሰጣጥ ይቀጥላል፤ ለውጥ ካስፈለገም ከአዋላጇ ጋር ተመክሮ እንጂ በቤት ተወስኖ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ከባዱ ክፍል እመጣለሁ፤ ጥቁር ሰገራ ደም የሚሆነው መቼ ነው? ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚፈስ ደም ተፈጭቶ ሲወርድ ሰገራው እንደ ሬንጅ ያብለጨልጫል፣ ይጣበቃል፣ ልስልስ ይሆናል፤ ሽታውም የተለየና የሚከረፋ ነው። የብረቱ ሰገራ ቅርጹን የያዘ፣ ብዙ ጊዜ የደረቀ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ ውኃው አረንጓዴ ግራጫ እንጂ ቀይ አይሆንም። ጊዜውንም ጠይቁ፤ የብረቱ ጥቁረት እንክብሉ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ይመጣል፣ ሲቆምም በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ደም ማስመለስ ካለ፣ እንክብሉ ምክንያት ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከገበያ እየገዙ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የሚወስዱትን በተለይ ጠይቋቸው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ያቆስላሉና፣ ብረትም እየወሰደች ሊደማት ይችላል። በጉድጓድ መጸዳጃ የምትጠቀም ሴት ሰገራዋን ላታየው እንደምትችልም አትርሱ፤ «አላየሁም» ማለት «አልጠቆረም» ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እሻገራለሁ። ስለ ጨጓራው ሽፋን የተናገርሁት በአዋቂ ላይ ማቅለሽለሽ ብቻ ነው፤ በሕፃን ላይ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 10 እንክብል ቢውጥ በኪሎ 60 ሚሊ ግራም ይደርስበታል፤ ይህ ከባድ የመመረዝ ደረጃ ነው። እንክብሉ ቀለም የተቀባና ከረሜላ የሚመስል ነው። ስለዚህ ማሸጊያውን ስትሰጡ ስለ ጥቁሩ ሰገራ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከዚያም በቤቷ ሕፃን መኖሩንና እንክብሉን የት እንደምታስቀምጠው ጠይቋት።