«የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ» ለክሮን ሲነገር

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሳው ክሮን የሚባል ፕሮግራም ነው። ቀጠሮው በአምስት ቦታዎች ይጻፋል፤ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር እና የሳምንቱ ቀን። ኮከብ ምልክት «ማንኛውም» ማለት ነው።

አንድ ባለሙያ ወርሃዊ ሪፖርት በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እንዲወጣ ፈልጎ ይህን ጻፈ እንበል፦

```
0 9 1-7 * 1 /opt/report.sh
```

9 በሰርቨሩ ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተሞላ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ሲነበብ «ከ1 እስከ 7 ባለው ቀን፣ ሰኞ ከሆነ» ይመስላል። ክሮን ግን ሁለቱም የቀን ቦታዎች ከተሞሉ የሚረዳው «ወይም» ብሎ ነው፤ አንዱ ከተሟላ ይበቃዋል። ሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ «እና» ሆነው ሳለ እነዚህ ሁለቱ ብቻ መለየታቸው ያበሳጫል፤ ደንቡ ግን ከጥንት የመጣ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 2026ን እንውሰድ። ወሩ ሰኞ ይገባል። ሪፖርቱ ከ1 እስከ 7 በየቀኑ፣ ከዚያም በ8፣ 15፣ 22 እና 29 ይወጣል፤ በአንድ ፈንታ 11 ጊዜ። ክሮን ስህተት ብሎ አይጮህም፤ የሚያጋልጠው የሥራ መዝገቡ ነው።

መፍትሔው አንዱን ቦታ በኮከብ ትቶ ሰኞ መሆኑን በትእዛዙ መፈተሽ ነው፦

```
0 9 1-7 * * [ "$(date +\%u)" = 1 ] && /opt/report.sh
```

ከ`%` በፊት ያለችው `\` አትረሳ፤ ያለሷ ክሮን ትእዛዙን እዚያው ይቆርጠዋል።