የይለፍ ቃሉን ካስገቡ በኋላ ያሉት 15 ደቂቃዎች

«ልጄ ሳያውቅ ገዝቶብኝ ነው» የሚል ወላጅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወቅሰው ራሱን ነው። ስልኩን ለምን ሰጠሁት፣ ለምን አጠገቡ አልተቀመጥኩም ይላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2014 እ.ኤ.አ. አፕልን፣ ጉግልንና አማዞንን የጠየቀባቸውን ጉዳዮች ያገላበጠ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያያል። የልጁ ጣት ስህተት የሚሠራበትን መንገድ ያመቻቸው የክፍያው አሠራር ነበር።

የአፕልን እንውሰድ። ጌሙ በነጻ ይጫናል፤ ልጅ ሲጫወት ቆይቶ አንድ ነገር ለመግዛት ሲነካ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወደ እናቷ ትሮጣለች፤ እናት የይለፍ ቃሏን ጽፋ ትመልስላታለች። እናትየው ለአንድ ዕቃ የፈቀደች ይመስላታል። በወቅቱ ያልተነገራት ነገር ቢኖር፣ ያ አንድ የይለፍ ቃል ለቀጣዮቹ 15 ደቂቃዎች በሩን ክፍት አድርጎ እንደሚተወው ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ልጅቷ የነካችው ሁሉ ሌላ ጥያቄ ሳይቀርብ ከእናቷ ካርድ ይቆረጣል። ለኮሚሽኑ ከደረሱት አቤቱታዎች አንዱ «ታፕ ፔት ሆቴል» በሚባል የእንስሳት ጌም ውስጥ 2,600 ዶላር ስላወጣች ልጅ የሚናገር ነበር። አፕል ለደንበኞቹ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ጉግልም በዚያው ዓመት ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ሲስማማ፣ እሱ ክፍት የሚተወው ጊዜ ደግሞ 30 ደቂቃ ነበር።

የአማዞን ታሪክ ከሁሉም ይብሳል። በ2011 መጨረሻ በጌም ውስጥ ግዢ ሲጀምር የይለፍ ቃል የሚባል ነገር ጨርሶ አይጠይቅም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድርጅቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው በተጻጻፉት ኢሜይል፣ ሁኔታውን ቤት በእሳት ሊያያዝ ምንም እንዳልቀረው ያህል አድርገው ገልጸውታል። በ2012 የመጣው ማስተካከያ የይለፍ ቃል የጠየቀው በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር በላይ ለሚከፈል ግዢ ብቻ ነው። ሃያ ጊዜ አምስት አምስት ዶላር የሚገዛን ልጅ የሚያስቆመው አልነበረም። በ2016 ፍርድ ቤቱ አማዞን ጥፋተኛ ነው ብሎ ወሰነ።

በዚሁ ክስ ውስጥ የተጠቀሰ «አይስ ኤጅ ቪሌጅ» የሚባል ጌም አለ፤ እኔ ከክሱ ሁሉ ይህን አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በጌሙ ውስጥ ሳንቲምና የዛፍ ፍሬ አለ። ልጁ በጨዋታ ያገኘውን ሳንቲም ሰጥቶ ዕቃ የሚወስድበት ገጽ አለ፤ እዚያ ምንም እውነተኛ ገንዘብ አይነካም። ያንኑ ሳንቲምና ፍሬ በእውነተኛ ዶላር የሚሸጥ ሌላ ገጽም አለ። ሁለቱ ገጾች ይመሳሰላሉ። በአንዱ ላይ መንካት ጨዋታ ነው፤ በሌላው ላይ መንካት እስከ 99.99 ዶላር ያስከፍላል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ይህን እንዲለይ መጠበቅ አይቻልም። አንዲት እናት ማንበብ የማትችል ልጇ ያገኘችውን ሁሉ ስትነካካ 358.42 ዶላር እንዳስወጣቻት ለአማዞን አመልክታ ነበር።

ትንሿ ልጅ እየከፈለች መሆኑን ራሱ አታውቅም። የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ያውቃል፤ የማያውቀው ስንት እየከፈለ እንደሆነ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ለመጀመሪያው የስልኩ ቅንብር ይበቃል። ሁለተኛውን ለመረዳት የዕጣ ሳጥን፣ በተጫዋቾች አነጋገር «ሉት ቦክስ»፣ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

የዕጣ ሳጥን ማለት ከፍለው የሚከፍቱት፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ከመክፈትዎ በፊት የማያውቁት ዕቃ ነው። አንዳንዴ ሳጥን፣ አንዳንዴ የካርድ እሽግ፣ አንዳንዴ «ምኞት» ይባላል። «ገንሺን ኢምፓክት» የተባለው ታዋቂ ጌም ምኞት ይለዋል፤ ቁጥሮቹም ይፋ ስለሆኑ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ልጁ የሚፈልገው አንድ ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባሕርይ ነው እንበል። ገጸ ባሕርይው ቀጥተኛ ዋጋ የለውም። በዶላር መጀመሪያ «ጄኔሲስ ክሪስታል» ይገዛል፤ ክሪስታሉ ወደ «ፕራይሞጄም» ይለወጣል፤ 160 ፕራይሞጄም አንድ ምኞት ይሆናል። ትልቁ የክሪስታል ጥቅል በአሜሪካ ዋጋ 99.99 ዶላር ነው፤ ከመጀመሪያው ግዢ ልዩ ጉርሻ በኋላ 8,080 ክሪስታል ያስገኛል። ይህ ለ160 ሲካፈል 50 ምኞት ይሆናል፤ አንዱ ምኞት ወደ 2 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በዶላሩና በዕጣው መካከል ሦስት ጊዜ ምንዛሬ ስላለ ግን ልጁ በስክሪኑ ላይ የሚያየው 2 ዶላር ሳይሆን 160 የሚል ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዕድሉ እንምጣ። በአንድ ምኞት ባለ አምስት ኮከብ የመውጣቱ ዕድል በመነሻው 0.6 በመቶ ነው። ጌሙ እስከ 90ኛው ምኞት ድረስ ካልወጣ ግን የግድ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀደም ብሎ ይወጣል። የወጣው ግን ልጁ የፈለገው ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሌላ ከሆነ ቀጣዩ ባለ አምስት ኮከብ የፈለገው እንዲሆን ዋስትና አለ። ስለዚህ ዕድሉ ጨርሶ ለጠመመበት ልጅ 180 ምኞት ያስፈልገዋል፤ በነጻ የሚገኘውን ትተን ሁሉንም ቢገዛው ወደ 360 ዶላር ነው። ጥቅሎቹ ደግሞ ተቆርጠው ስለማይሸጡ፣ በትልቁ ጥቅል የሚገዛ ሰው ያለ ጉርሻው አራት ይገዛል። ለአንድ በስክሪን ለሚንቀሳቀስ ሥዕል 400 ዶላር።

ይህ ዋስትና ራሱ ማታለያ አለው። 60 ምኞት ያቃጠለ ልጅ «አሁን ብተው ያወጣሁት ሁሉ ከሰረ፤ 30 ብቻ ነው የቀረኝ» ይላል። ዋስትና የሌላቸው ጌሞች ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። የ1 በመቶ ዕድል ያለውን ሳጥን መቶ ጊዜ የከፈተ ሰው የግድ የሚያገኝ ይመስለዋል። ሒሳቡ እንዲያ አይደለም፤ ከመቶ ሙከራ በኋላ ከመቶ ሰዎች ወደ 37ቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ቶምቦላ ላይ የወጣው ቲኬት ከከረጢቱ ስለሚቀነስ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል፤ በዕጣ ሳጥኑ ግን ከረጢቱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሞላል።

መንግሥታት ነገሩን ያዩበት መንገድ አንድ አይደለም። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 የሚከፈልባቸውን የዕጣ ሳጥኖች ቁማር ናቸው አለ። ኔዘርላንድስም ተመሳሳይ አቋም ይዛ ነበር፤ በ2022 ግን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በአንድ የጌም ኩባንያ ላይ የተጣለውን ቅጣት ሻረው። አሜሪካ ውስጥ የገንሺን አቅራቢ በጥር 2025 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የዕጣ ሳጥን እንዳይሸጥም ተከለከለ። ከስምምነቱ እኔን የማረከኝ ሌላው ነጥብ ነው፤ ሳጥኖቹን በጌሙ ገንዘብ ብቻ መሸጥ ቀርቶ በቀጥታ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዙበት አማራጭ እንዲኖር ተወሰነ። ልጁ 160ን ሳይሆን 2 ዶላርን እንዲያይ ማለት ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። በአይፎን ላይ ጠንካራው መዝጊያ ያለው «Settings» ገብተው «Screen Time»፣ ቀጥሎ «Content & Privacy Restrictions»፣ ከዚያ «iTunes & App Store Purchases» ውስጥ ነው። እዚያ «In-app Purchases» የሚለውን «Don't Allow» ያድርጉት። ለ«Screen Time» የሚያወጡት ቁጥር ስልኩን ከሚከፍቱበት የተለየ ይሁን፤ ልጁ ያንን ያውቀዋልና። ጨርሶ መዝጋት ካልፈለጉ በቤተሰብ ቡድን ውስጥ «Ask to Buy» አለ፤ ልጁ ሲገዛ ጥያቄው ወደ እርስዎ ስልክ ይመጣል፣ ካልፈቀዱ አይከፈልም።

በአንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው የመገለጫ ሥዕልዎን ይንኩና በ«Settings» ውስጥ «Purchase verification» የሚለውን ይፈልጉ። ለእያንዳንዱ ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ያድርጉት፤ የ30 ደቂቃው አማራጭ ዛሬም አለ፣ የክሱ ምክንያት የነበረውም እሱን የመሰለ ነው። ይህ ቅንብር የሚሠራው ባስተካከሉበት ስልክና አካውንት ላይ ብቻ ስለሆነ ቤት ያለው ታብሌት ለብቻው ይስተካከል። ለልጁ የራሱን አካውንት በ«Family Link» ከከፈቱለት ደግሞ ፈቃድ ሰጪው እርስዎ ይሆናሉ።

ሁለት ቀዳዳዎች ግን ይቀራሉ። አንደኛው የጣት አሻራ ነው። ልጁ ስልኩን እንዲከፍት ብለው አሻራውን ከመዘገቡለት፣ ያው አሻራ ግዢም ሊያጸድቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ እነዚህ መዝጊያዎች የሚጠብቁት በመደብሩ በኩል የሚያልፈውን ክፍያ ብቻ መሆኑ ነው። ጌሙ በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጥ ከሆነና ካርድዎ በብራውዘሩ ላይ ከተቀመጠ መዝጊያው አያየውም።

ለእኛ ደግሞ ሦስተኛ አለ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ያገለገለ ስልክ ለአገር ቤት ልጆች መላክ የተለመደ ነው። የላከው ሰው አካውንቱን ሳያወጣ ከላከው ካርዱም አብሮ ይጓዛል። አዲስ አበባ ያለው የእህት ልጅ የሚነካው ሁሉ አሜሪካ ያለው አጎት ላይ ይቆረጣል፤ ሁለቱም ለወራት ላያውቁ ይችላሉ። ስልኩን ከመላክዎ በፊት ከአካውንትዎ ወጥተው ሙሉ በሙሉ ያጽዱት።

ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። በኢሜይል የሚመጣውን ደረሰኝ ይዩ፤ ብዙ ትናንሽ ግዢዎች በአንድ ድምር ሊመጡ ስለሚችሉ ከባንክ መግለጫው ይልቅ ዝርዝሩን የሚያሳየው እሱ ነው። ለአፕል reportaproblem.apple.com ገብተው ተመላሽ ይጠይቁ፤ ለጉግል ፕሌይ በድረ ገጹ የግዢ ታሪክ ውስጥ ይጠይቁ፣ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሳያልፉ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱን ሲጽፉ ልጅ ያለ ፈቃድ እንደገዛ፣ የልጁን ዕድሜና ግዢዎቹ የተፈጸሙበትን ሰዓት በግልጽ ያስፍሩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የተደረጉ አሥራ ሁለት ግዢዎች ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም።